ድንች፣ ቆርኪና እንቁላል፦ የመስጠምና የመንሳፈፍ ሙከራ በአንደኛ ደረጃ የሳይንስ ክበብ

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ በሚሰበሰቡ የሳይንስ ክበቦች በብዛት ከሚሠሩ ሙከራዎች አንዱ የመስጠምና የመንሳፈፍ ሙከራ ነው። አንድ ሳፋ ውኃ ይቀርባል፤ ድንጋይ፣ ሚስማር፣ ማንኪያ፣ ቅጠል፣ የእንጨት ቁራጭና ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይደረደራሉ፤ ተማሪዎቹ እያንዳንዱን ዕቃ በየተራ ውኃው ውስጥ እየጣሉ «የሰጠመ» እና «የተንሳፈፈ» በሚሉ ሁለት ዓምዶች ይመዘግባሉ። ሠንጠረዡ ሲሞላ ሙከራው ያበቃል።

የዚህ አሠራር ችግር ሠንጠረዡ ትክክል ሆኖ ሳለ ከእርሱ የሚወጣው መደምደሚያ የተሳሳተ መሆኑ ነው። ድንጋዩ፣ ሚስማሩና ማንኪያው በእጅ ሲያዙ ይከብዳሉ፤ ቅጠሉ፣ እንጨቱና ባዶው ጠርሙስ ይቀልላሉ። ስለዚህ «ከባድ ነገር ይሰጥማል፣ ቀላል ነገር ይንሳፈፋል» የሚል እምነት ይዞ ወደ ክበቡ የመጣ ተማሪ፣ ያንኑ እምነት በገዛ ዓይኑ አረጋግጦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሙከራው ስሕተቱን ከማረም ይልቅ ማስረጃ ሰጠው ማለት ነው።

ይህ ጽሑፍ ያንኑ ሙከራ በኮምቦልቻ ከሚገኝ ከማንኛውም ወጥ ቤት በሚመጡ ቁሳቁሶች፣ በሦስት ተከታታይ ከሰዓት በኋላዎች እንዴት መልሶ ማዋቀር እንደሚቻል ያብራራል። የአወቃቀሩ መርሕ አንድ ነው፦ ብዙ ዕቃዎችን ከመደርደር ይልቅ ጥቂት ዕቃዎችን መያዝና በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ። በመጀመሪያው ቀን መጠን፣ በሁለተኛው ቀን ቅርጽ፣ በሦስተኛው ቀን ፈሳሹ ራሱ ይለወጣል።

«ቀላል» የሚለው ቃል የሚደብቀው

ባርበል ኢንሄልደርና ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1955 በፈረንሳይኛ፣ በ1958 ደግሞ በእንግሊዝኛ ትርጉም በታተመው ስለ አመክንዮአዊ አስተሳሰብ ዕድገት በጻፉት መጽሐፍ ለተንሳፋፊ አካላት ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥተዋል። በዚያ ምዕራፍ እንደሚታየው ሕፃናት ለእያንዳንዱ ዕቃ የተለየ ምክንያት ያቀርባሉ፤ አንዱ ትንሽ ስለሆነ ይሰጥማል፣ ሌላው ትንሽ ስለሆነ ይንሳፈፋል ይላሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለውም ተቃርኖ አያስጨንቃቸውም። ካሮል ስሚዝ፣ ሱዛን ኬሪና ማሪያን ዋይዘር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት የሕፃናቱ ችግር የመረጃ እጥረት ብቻ እንዳልሆነ አመልክተዋል። በሕፃናቱ አእምሮ ውስጥ ክብደትና እፍግታ ገና ያልተለያዩ አንድ ጽንሰ ሐሳብ ናቸው።

የአማርኛ ዕለታዊ አነጋገር ይህን አለመለያየት ያጠናክረዋል። «ዘይት ከውኃ ይቀልላል» ሲባልና «ይህች ድንች ከዚያች ትቀልላለች» ሲባል ቃሉ አንድ ነው፤ የሚነገርላቸው ባሕርያት ግን ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው እኩል ይዘት ያላቸውን ሁለት ነገሮች ያነጻጽራል፤ ሁለተኛው ይዘታቸውን ሳያይ ክብደታቸውን ብቻ ያነጻጽራል። «እፍግታ» የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ ቃል፣ ማለትም መጠነ ቁስ ለይዘት ሲካፈል የሚገኘው ውጤት፣ ልዩነቱን ይገልጻል፤ ይሁን እንጂ ማካፈልን ገና በመለማመድ ላይ ላለ የሦስተኛ ወይም የአራተኛ ክፍል ተማሪ ቃሉን ቀድሞ መስጠት ልዩነቱን አያሳየውም። ለዚህም ነው ቃሉ በቅድሚያ ሳይሆን በሦስተኛው ቀን መጨረሻ እንዲመጣ የሚመከረው። እስከዚያው ድረስ «በእኩል ስፍራ ሲለካ የሚከብድ» የሚለው አነጋገር ይበቃል።

የመጀመሪያው ቀን፦ መጠንን መለወጥ

ለመጀመሪያው ቀን አንድ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ፣ አንድ ሙሉ ዱባ፣ ጥቂት የምስር ፍሬዎችና አንድ ትልቅ ድንች ያስፈልጋሉ። ዱባው በተማሪዎቹ እጅ ይዞራል፤ ከዚያም ዱባው ይሰጥም እንደሆነ፣ አንዲት የምስር ፍሬስ ትንሳፈፍ እንደሆነ እያንዳንዱ ተማሪ ውኃው ሳይነካ በፊት ግምቱን ይጽፋል። ግምቱ መጻፉ ወሳኝ ነው፤ በቃል ብቻ የተነገረ ግምት ውጤቱ ሲታይ ይለወጣልና። ዱባው ውስጡ ክፍት ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ ምስሯ ትሰጥማለች። ኪሎዎች የሚመዝነው ከላይ፣ ከአንድ ግራም በታች የሆነችው ከታች መገኘታቸው «ከባድ ይሰጥማል» የሚለውን ደንብ በቀጥታ ይጋፋል።

ይሁን እንጂ አንድ ተቃራኒ ምሳሌ ብቻውን ደንቡን አይሽረውም፤ ተማሪው «ዱባ የተለየ ነው» ብሎ ማለፍ ይችላል። ስለዚህ ድንቹ ይከተላል። ሙሉው ድንች ይሰጥማል። አስተባባሪው ለሁለት ቆርጦ ግማሹ ምን እንደሚሆን ይጠይቃል። በክብደት የሚያስብ ተማሪ ግማሹ እንደሚንሳፈፍ፣ ያ ካልሆነም ሩቡ እንደሚንሳፈፍ ይገምታል። ግማሹ ይሰጥማል፤ ሩቡም ይሰጥማል፤ የጥፍር ያህል የሆነችው ቁራጭም ትሰጥማለች። በዚህ ጊዜ የተለወጠው ክብደቱ ብቻ አይደለም፤ ይዘቱም በዚያው ልክ ቀንሷል። በሁለቱ መካከል ያለው ዝምድና ግን አልተለወጠም። ተማሪው ይህን በራሱ አባባል እስኪደርስበት ድረስ መልሱ አይነገረውም።

ዝምድናውን ያለ ሒሳብ ለማሳየት አንድ ማሰሮ እስከ አፉ ድረስ በውኃ ተሞልቶ ጎድጓዳ ትሪ ላይ ይቀመጣል። ሌላ ሙሉ ድንች ቀስ ተብሎ ሲገባ የሚፈሰው ውኃ በትሪው ይጠራቀማል። ያ ውኃ በጥንቃቄ ወደ አንድ የፕላስቲክ ኩባያ ይገለበጥና ከድንቹ ጋር በሚዛን ይነጻጸራል፤ በድንቹ በኩልም እኩል የሆነ ባዶ ኩባያ ይደረጋል። ድንቹ ሲከብድ ይታያል። ያው ነገር በቀይ ሽንኩርት ሲደገም ሽንኩርቱ ሙሉ በሙሉ እስኪጠልቅ ድረስ በጣት ተጭኖ መያዝ አለበት፤ በዚህ ጊዜ የሚያመዝነው የፈሰሰው ውኃ ነው። የአርኪሜደስ መርሕ ዋናው ፍሬ ነገር ይኸው ነው፦ ዕቃው የሚፎካከረው ከራሱ ጋር እኩል ስፍራ ከሚይዝ ውኃ ጋር እንጂ በሳፋው ካለው ውኃ ሁሉ ጋር አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ገደብ አለ። የድንች እፍግታ ከውኃ የሚበልጠው በጥቂቱ ነው። 200 ግራም የሚመዝን ድንች ወደ 185 ግራም ገደማ ውኃ ያፈስሳል፤ ልዩነቱ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውኃ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ማሰሮው እስከ አፉ ካልተሞላ፣ ወይም ድንቹ በኃይል ከተጣለና ውኃው ከትሪው ውጪ ከተረጨ፣ የሚዛኑ ውጤት ሊታመን አይችልም።

የሁለተኛው ቀን፦ ቅርጽን መለወጥ

የሁለተኛው ቀን ዕቃ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ቆርኪ ነው። ሁለት እኩል ቆርኪዎች በሚዛን ተነጻጽረው እኩል መሆናቸው ይረጋገጣል። አንዱ እንዳለ ይቀራል፤ ሌላውን አስተባባሪው በመዶሻ ጠፍጥፎ ዝርግ ያደርገዋል። ጠርዙ ሊቆርጥ ስለሚችል ይህ ሥራ ለተማሪዎች አይሰጥም። ጎድጓዳው ቆርኪ አፉ ወደ ላይ ሆኖ ውኃው ላይ ሲቀመጥ ይንሳፈፋል፤ የተጠፈጠፈው ይሰጥማል። ብረቱ ያው ነው፤ ክብደቱም ያው ነው። የተለወጠው ውኃው እንዳይገባበት የተከለከለው ስፍራ መጠን ነው። ጎድጓዳው ቆርኪ ብረቱንና በውስጡ ያለውን አየር ጨምሮ ሰፊ ስፍራ ይይዛል፤ የተጠፈጠፈው የብረቱን ስፍራ ያህል ብቻ ይይዛል። ከዱባው ጋር ያለው ግንኙነትም በዚህ ጊዜ ይገለጣል።

በዚህ ሙከራ በተደጋጋሚ የሚያጋጥም እንቅፋት አለ። የተጠፈጠፈው ቆርኪ በጥንቃቄ ጠፍጥፎ እንደተኛ ውኃው ላይ ከተቀመጠ ላይሰጥም ይችላል። የያዘው መንሳፈፍ ሳይሆን የውኃው የገጽ ውጥረት ነው፤ ጠጋ ብሎ ለተመለከተ በቆርኪው ዙሪያ የውኃው ገጽ ወደ ታች ጎብጦ ይታያል። ክስተቱን ለብቻው ማሳየት የፈለገ አስተባባሪ ደረቅ ጤፍ መጠቀም ይችላል። የጤፍ ፍሬ በእኩል ስፍራ ሲለካ ከውኃ ይከብዳል፤ ሆኖም በንጹሕ ውኃ ላይ በስሱ ሲነሰነስ ብዙው ከላይ ይቀራል። አንድ ጠብታ የፈሳሽ ሳሙና ሲጨመር ፍሬዎቹ ይበተኑና መስጠም ይጀምራሉ።

ሁለቱ ክስተቶች እንዳይደባለቁ የክበቡ ቋሚ ደንብ ሊሆን የሚገባው አንድ አሠራር አለ፦ ማንኛውም ዕቃ ከመመዝገቡ በፊት ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ተጭኖ ከገባ በኋላ ይለቀቃል። ራሱ ተመልሶ የሚወጣው ብቻ «ተንሳፈፈ» ተብሎ ይጻፋል። በዚህ ደንብ የተጠፈጠፈው ቆርኪ፣ ጤፉም ሆነ ምስሩ እንደ ሰጠሙ ይቀራሉ። ጎድጓዳው ቆርኪ ግን ውኃ ስለሚሞላ ተመልሶ አይወጣም፤ ለጎድጓዳ ዕቃዎች ደንቡ የሚሠራው አፋቸው ሲታሸግ ብቻ ነው። ይህም ራሱ ጥያቄ ሆኖ ሊቀርብ ይገባዋል፤ ቆርኪውን ያንሳፈፈው ብረቱ ቢሆን ኖሮ ውኃ ሲሞላም በተንሳፈፈ ነበርና።

የሦስተኛው ቀን፦ ፈሳሹን መለወጥ

እስካሁን የተለወጠው ዕቃው ነበር። በሦስተኛው ቀን ዕቃው ምንም ሳይነካ ውኃው ይለወጣል፤ ለዚህም እንቁላልና ጨው ያስፈልጋሉ። አብዛኛው የኢትዮጵያ የምግብ ጨው የሚመጣው ከአፋር ክልል ከአፍዴራ ሲሆን የሚመረተውም የሐይቁን ጨዋማ ውኃ በፀሐይ በማትነን ነው። ስለዚህ በኮምቦልቻ ወጥ ቤት ያለ ጨው ወደ ውኃ ሲመለስ መነሻውን ፈሳሽ መልሶ መሥራት እንደሆነ ለተማሪዎቹ ሊነገራቸው ይቻላል።

ግማሽ ሊትር ንጹሕ ውኃ ሰፊ አፍ ባለው ብርጭቆ መሰል ዕቃ ውስጥ ይደረጋል። ትኩስ እንቁላል በማንኪያ ተይዞ ቀስ ተብሎ ይገባል፤ ይሰጥማል። ከዚያም ደቃቅ ጨው በሻይ ማንኪያ ልክ፣ አንድ ባንድ እየተጨመረ ሙሉ በሙሉ እስኪሟሟ ይማሰላል፤ እንቁላሉ በእያንዳንዱ ጊዜ ወጥቶ ከማማሰሉ በኋላ ይመለሳል። የተማሪዎቹ ሠንጠረዥ ሁለት ዓምድ ብቻ አለው፦ የማንኪያው ቁጥርና የእንቁላሉ ሁኔታ።

ለአብነት 56 ግራም የሚመዝን፣ 52 ሚሊ ሊትር ስፍራ የሚይዝ እንቁላል ይወሰድ። እፍግታው 56 ለ52 ሲካፈል፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 1.08 ግራም ገደማ ይሆናል። የንጹሕ ውኃ እፍግታ 1.00 ስለሆነ እንቁላሉ ይሰጥማል። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው 6 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በግማሽ ሊትር ውኃ ውስጥ ሲሟሟም የውኃውን እፍግታ በ0.008 ገደማ ከፍ ያደርጋል። ከአሥር ማንኪያ በኋላ፣ ማለትም 60 ግራም ጨው ሲገባ፣ የውኃው እፍግታ ከ1.08 ጥቂት ያንሳል። ከአሥረኛው እስከ አሥራ አንደኛው ማንኪያ ባለው ጊዜ እንቁላሉ ከታች ተነሥቶ ጫፉን ከውኃው በላይ ያወጣል። ጨው 63 ግራም በደረሰበት ጊዜ 563 ግራም የሚመዝነው ፈሳሽ የሚይዘው ስፍራ 521 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ሲካፈልም ያው 1.08 ይመጣል።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ ለተመራማሪም ሆነ ለመምህር የሚጠቅም አንድ ቁም ነገር አለ። የእንቁላሉ ይዘት በመጀመሪያው ቀን ዘዴ፣ በሚፈስ ውኃ፣ ቢለካ ሁለት ሚሊ ሊትር መሳሳት የሚጠበቅ ነው። ያ ስሕተት እፍግታውን ከ1.04 እስከ 1.12 ያወዛውዘዋል፤ በዚህ ልኬት ትኩሱን እንቁላል ከቆየው መለየት አይቻልም። የጨው ዘዴው ግን አንድ ማንኪያ ቢሳሳት የሚያዛባው በአንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ያለ ምልክት የቀረበው ማንኪያ ከመለኪያ ዕቃው የተሻለ ትክክለኛነት ይሰጣል፤ ምክንያቱም የሚለካው እፍግታው ራሱ እንጂ ሁለት የተለያዩ መጠኖች አይደሉም።

ውጤቱ ሲዛባ

ቡድኖች የተለያየ የማንኪያ ቁጥር ሲያስመዘግቡ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የእንቁላሉ ዕድሜ ነው። በቅርፊቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አማካኝነት እርጥበት ይወጣል፤ በወፍራሙ ጫፍ ያለው የአየር ኪስም እየሰፋ ይሄዳል። የውጭ ስፍራው ሳይለወጥ ክብደቱ ስለሚቀንስ የቆየ እንቁላል በጥቂት ማንኪያ ይነሣል፤ እጅግ የቆየው ያለ ጨውም ይንሳፈፋል። ይህ ለጥንቃቄ ያህል አንድን እንቁላል ለሁሉም ቡድኖች በማዘዋወር ሊወገድ ይችላል፤ ወይም በተቃራኒው ሆን ተብሎ የሁለት ሳምንትና የዕለት እንቁላሎችን በማነጻጸር የተለየ ጥናት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ያልሟሟ ጨው ነው። የአፍዴራው ጨው ሻካራ ሆኖ ከተገኘ በዝግታ ይሟሟል፤ ማንኪያውም በእህሎቹ መካከል ባለው አየር የተነሣ ከደቃቁ ያነሰ ጨው ይይዛል። ከታች የተኛ ጨው ካለ ከሥር ያለው ውኃ ከላይኛው ይከብዳል፤ እንቁላሉም በሁለቱ መካከል ተንጠልጥሎ ይቀራል። ተማሪዎች ይህን ሲያዩ ትክክለኛውን ሚዛን ያገኙ ይመስላቸዋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ በደንብ ተማስሎ እንደገና ሲገባ እንቁላሉ ወይ ወደ ታች ከወረደ፣ ወይ ወደ ላይ ከወጣ፣ ቀድሞ የታየው የንብርብር ውጤት ነበር።

በጾም ወራት እንቁላል በማይገኝባቸው ቤቶች የድንች ቁራጭ ይተካዋል፤ እፍግታው ተቀራራቢ ስለሆነ የሚያስፈልገው ጨውም ያን ያህል አይራራቅም። ብቸኛው ልዩነት የተቆረጠ ድንች በጨው ውኃ ውስጥ ሲቆይ ውኃ እያጣ ስለሚጨማደድና እፍግታው ስለሚለወጥ ሥራው በደቂቃዎች ውስጥ መጠናቀቅ ያለበት መሆኑ ነው። ያልተሰነጠቀው እንቁላል ታጥቦ ወደ ወጥ ቤት ይመለሳል፤ የጨው ውኃው ግን ተክል ላይ አይደፋም።

የቦታ ከፍታ ውጤቱን ስለማይለውጠው በኮምቦልቻ የተሞከረው ያለ ምንም ማስተካከያ ወደ ደሴ ሊወሰድ ይችላል። የስበት ኃይል በዕቃውም በውኃውም ላይ እኩል ይሠራልና። ይህ ከሌሎች የወጥ ቤት ሙከራዎች ይለየዋል፤ ውኃ በኮምቦልቻ ወደ 94፣ ከፍ ባለችው ደሴ ደግሞ ወደ 92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሚፈላ፣ በመፍላት ላይ የተመሠረተ ሙከራ በሁለቱ ከተሞች አንድ ቁጥር አይሰጥም።

መረዳትን መለየት

ሦስቱ ቀናት ሲያበቁ ሠንጠረዡ መሞላቱ የመረዳት ምልክት አይደለም። የተሻለው መለያ ተማሪው አይቶት የማያውቀውን ነገር ግምትና ምክንያት መጠየቅ ነው። ለዚህ የተነቀዘ ባቄላ ተስማሚ ነው። ከደህናውና ከተነቀዘው አንዳንድ ፍሬ ተወስዶ፣ ውኃ ውስጥ ቢገቡ ምን እንደሚሆኑ ይጠየቃል። ባቄላ ሲታጠብ ከላይ የሚሰፈውን ለቅሞ መጣል በየቤቱ የተለመደ ስለሆነ ብዙዎቹ የተነቀዘው እንደሚንሳፈፍ ያውቃሉ። የሚመዘነው ምክንያታቸው ነው። «ስለቀለለ» ብሎ የሚያቆም ተማሪ ገና በመጀመሪያው ቀን ላይ ነው። «ነቀዙ ውስጡን በልቶ አየር ስለገባበት፣ ስፍራው ሳይቀንስ ክብደቱ ቀነሰ» የሚል ተማሪ ግን ዱባውን፣ ቆርኪውንና የቆየውን እንቁላል በአንድ ምክንያት አያይዟል። «እፍግታ» የሚለው ቃል ሊሰጠው የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው።

ለከፍተኛ ክፍሎች አንድ እርምጃ መጨመር ይቻላል። በአሥር ማንኪያ የሚነሣው እንቁላል በተዘዋዋሪ የጨው መለኪያ ሆኗል፤ መጠኑ ያልታወቀ የጨው ውኃ ቢቀርብ እንቁላሉ መውጣት አለመውጣቱ ውኃው ከ1.08 በላይ ወይም በታች መሆኑን ይነግራል። የቢራ ጠማቂዎች በብቅል ጭማቂ ውስጥ ያለውን ስኳር የሚለኩበት ተንሳፋፊ የመስተዋት መሣሪያ የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ እንቁላሉ አንድ ምልክት ብቻ ሲኖረው መሣሪያው በአንገቱ ላይ ብዙ ምልክቶች ያሉት መሆኑ ነው። የቢራ ፋብሪካ ባላት ኮምቦልቻ፣ ይህ ጥያቄ ከተማሪዎቹ መኖሪያ ሩቅ አይደለም።